በሙከራ ጉዞ ላይ ስለ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የእጅ ፍሬን ይዞ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን መልቀቅ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ነው።»

ይህን ፈተና ያገለገለ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሳይጠየቅም ያሳያል። ነገር ግን ፈተናው የሚጥለው ጨርሶ የሞተ ፍሪሲዮን ብቻ ነው። በሚኒሞ የሚሠራ ሞተር ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ያረጀ የፍሪሲዮን ሸራም ቢሆን ያንን ትንሽ ጉልበት አጥብቆ ይዞ ሞተሩን ያጠፋዋል። የሸራ ድካም የሚጋለጠው ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ሲያወጣና መኪናው አልንቀሳቀስ ብሎ ሲከብደው ነው። ለዚህ ደግሞ ዳገት ያስፈልጋል።

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ሥራ ከቸርችል ጎዳና የሚሻል አላውቅም። ከለገሃር ተነስቶ በብሔራዊ ቴአትር በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከቴዎድሮስ አደባባይ በኋላ እስከ ማዘጋጃ ቤት ያለው ደግሞ እውነተኛ ዳገት ነው። እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ገና ሳይጨናነቅ መሄድ ነው። ሬዲዮው ይጥፋ፣ መስኮቱ ይከፈት። ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን አራተኛ ማርሽ አስገብተው ነዳጁን ለሦስት ወይም ለአራት ሰከንድ እስከ ወለሉ ይርገጡት። ጤነኛ ፍሪሲዮን ከሆነ ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይጮኽም፤ ዙሩና ፍጥነቱ አብረው በዝግታ ይወጣሉ። ሸራው የሚንሸራተት ከሆነ ግን የሞተሩ ዙር ብቻውን ዘሎ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ባለበት ይቀራል።

ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ አንድ ባለ አምስት ማርሽ ኮሮላ ሊገዛ አብሬው ሄጄ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ፈተና ሁለት ጊዜ በክብር አለፈ። ቸርችል ላይ በአራተኛ ማርሽ ነዳጁን ስረግጠው ግን ዙር ቆጣሪው ከ1,500 ተነስቶ ወደ 2,500 ዘለለ፤ የፍጥነት ቆጣሪው ግን 40 ላይ እንደቆመ ነው። ትንሽ ቆይቶም የተቃጠለ ሸራ ሽታ በመስኮቱ ገባ። ባለቤቱ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ዳገቱ ነው» አለ።

«ዳገት ላይ የደከመ መኪና ሁሉ ፍሪሲዮኑ አልቋል።»

ለባለቤቱ ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ ዳገቱም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። እንዲህ ያለ መኪና በአራተኛ ማርሽ ቸርችልን ሲወጣ ቢንቀረፈፍ አይገርምም። ልዩነቱ ቆጣሪው ላይ ነው። በአየሩ ምክንያት የደከመ ሞተር ዙሩም ፍጥነቱም አልነሳም ይላሉ፤ በሚንሸራተት ሸራ ግን ዙሩ ይነሳል። ዙር ቆጣሪ የሌለው መኪና ከሆነ ጆሮ ይበቃል።

«የኋላ ማርሽ ሲገባ ከጮኸ ካምቢዮው ሄዷል።»

ላይ ደርሰን ወደ አንድ ጎን መንገድ ገብተን ስንዞር ማርሹ ጮኸ፤ ልጁም ደነገጠ። በብዙ ካምቢዮዎች ላይ የኋላ ማርሽ እንደ ፊቶቹ የጥርሶቹን ዙር የሚያመሳስል ሲንክሮናይዘር የለውም፤ ስለዚህ በውስጥ ያሉት ጥርሶች ገና እየዞሩ ሳለ ከተቸኮለ ይጮኻል። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጦ ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ማስገባት ነው። ከቆዩም በኋላ ከጮኸ ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑ በሚገባ እየለቀቀ አይደለም።

«ማርሹ ሲገባ ለስለስ ካለ ካምቢዮው ጤነኛ ነው።»

ግማሽ እውነት ነው። መጀመሪያ ማን እንደሚያስገባው ይታይ። ልምድ ያለው ሻጭ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመልስ ዜሮ ማርሽ ላይ አንድ አፍታ ቆም ይላል፣ ነዳጅም ነካ ያደርጋል፤ በዚህ ዘዴ ያለቀ ሲንክሮናይዘር ድምፁን ያጠፋል። ስለዚህ መሪውን እርስዎ ይያዙ፤ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሳይቆሙ በአንድ እንቅስቃሴ ይመልሱ። ዘይቱ ገና ሳይሞቅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንሽ ቢያስቸግር ይቅር ይባላል፤ ከሞቀ በኋላ ከጮኸ ግን ሲንክሮናይዘሩ አልቋል።

ሁለተኛው ነገር ማርሹ ከገባ በኋላ ይቆያል ወይ የሚለው ነው። ይህን ዳገት አያሳይም፣ ቁልቁለት እንጂ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሁለተኛ ማርሽ ሲወርዱ እግርዎን ከነዳጅ፣ እጅዎን ከማርሽ ዘንጉ ያንሱ። አሁን ጎማው ነው ሞተሩን የሚገፋው፤ የጥርሶቹ ጫና ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ጠርዛቸው የተበላ ጥርሶች በዚህ ጊዜ ይላቀቁና ዘንጉ ራሱ ወደ ዜሮ ይወጣል። ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢወዛወዝ ግን ሳይወጣ ቢቀር ጥፋቱ የሞተሩ ወይም የካምቢዮው መቀመጫ ጎማ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቀላል ወጪ ነው። ያ ኮሮላ ይህንን ፈተና ያለ እንከን አለፈ።

«ፍሪሲዮን ሲረገጥ ድምፁ ከጠፋ ችግር የለም።»

እንዲያውም ውዱ ችግር ይህ ነው። መኪናውን ግድግዳ ወይም ቆርቆሮ አጥር አጠገብ ያቁሙ፤ ድምፁን መልሶ ያመጣልዎታል። ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ። ፍሪሲዮኑ ሳይረገጥ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፤ ሲረገጥ ይቆማል። ስለዚህ ሲለቁት የሚያጉረመርም፣ ሲረግጡት ዝም የሚል ድምፅ ብዙውን ጊዜ በካምቢዮው ውስጥ ካለ ኩሽኔታ ነው፤ ካምቢዮው ወርዶ መከፈት አለበት። በተቃራኒው ሲረግጡት የሚጀምር ፉጨት ወይም ማፏጨት ከፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ዕቃው ራሱ ውድ አይደለም፤ ነገር ግን ለእሱም ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሸራውም አብሮ ይቀየራል።

«ሸራው አዲስ ነው፣ ገና ቅርብ ጊዜ ነው የተቀየረው።»

የኮሮላው ባለቤት ደረሰኙን ከኪሱ አወጣ። አልዋሸም፤ አምስት ወር እንኳን አልሞላውም። እኔም መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ከዚያ ተንበርክኬ በስልኬ መብራት ሞተሩና ካምቢዮው የሚገጣጠሙበትን መስመር ከሥር አየሁት፤ አንድ ጠብታ ተንጠልጥሏል፣ ዙሪያው አቧራ የጠገበ ጥቁር ዘይት ነው። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። የካምቢዮ ዘይት የሚከረፋ የድኝ ሽታ አለው፤ ይህ አልነበረውም፣ የሞተር ዘይት ነው። በካምቢዮው በኩል ያለው የሞተሩ ዘይት አጋጅ ጎማ አርጅቶ እየፈሰሰ አዲሱን ሸራ ዘይት አጥግቦታል። የቀየረው መካኒክ ካምቢዮውን ባወረደበት ዕለት ጎማውን ቢያየው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ቢያጥቡትም አይመለስም።

ሻጩ ጠብታውን ዐይቶ ብዙ አልተከራከረም። የጎማውን፣ የሸራውንና የማውረጃ የእጅ ዋጋውን ደምረን ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀነሰ፤ ልጁም ገዛው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ዳገት፣ በዚያው አራተኛ ማርሽ ሞከርነው። ኮሮላው እንደበፊቱ ተንቀረፈፈ፣ ዙር ቆጣሪው ግን ያለ ፍጥነቱ አንዲት እርምጃ አልሄደም።