«600 በ800 ፒክሰል፣ ከ200 ኪሎባይት ያልበለጠ» ሲባል

የኦንላይን ማመልከቻ ቅጽ ለሚጫን ምስል እንዲህ ያለ ልክ ሲያስቀምጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየጠየቀ ነው። ፒክሰል የምስሉን ወርድና ቁመት ሲለካ፣ ኪሎባይት ደግሞ የፋይሉን ክብደት ስለሚለካ አንዱን ማሟላት ሌላውን አያሟላም። አንድ የደሴ አመልካች የባንክ ደረሰኙን በስልኩ ስክሪንሾት አንስቶ 1080 በ2400 የሆነ ምስል አገኘ እንበል። ይህን በቀጥታ ወደ 600 በ800 ቢለውጠው ቁመቱ ይበልጥ ስለሚቀንስ ጽሑፉ ተጨፍልቆ ይታያል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ደረሰኙ ያለበትን 1080 በ1440 የሆነ ክፍል ቆርጦ ያስቀር፣ ከዚያም በፔይንት Resize ውስጥ Pixels የሚለውን መርጦ ያሳንሰው።

ክብደቱ አሁንም ከ200 ኪሎባይት ከበለጠና ፋይሉ PNG ከሆነ፣ ቅጹ የሚቀበል እስከሆነ ድረስ በSave as በኩል ወደ JPEG መለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ያቀለዋል። የስሙን መጨረሻ በእጅ .jpg ብሎ መጻፍ ግን (ብዙዎች የሚሞክሩት ይህንን ነው) ስሙን እንጂ ይዘቱን አይለውጥም።