«አንተ በግልህ ምን አደረግህ?»፦ ለባህሪ ቃለ መጠይቅ መልስ ማዘጋጀት

አንዳንድ ኢንተርቪው ላይ «ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው?» የሚባል ነገር የለም። «ከሥራ ባልደረባህ ጋር ያልተስማማህበትን አንድ አጋጣሚ ንገረን» ይሉሃል። የባህሪ ቃለ መጠይቅ የሚባለው ይህ ነው። መነሻው ሰው ነገ የሚሠራውን ለመገመት ትናንት የሠራውን መጠየቅ ይሻላል የሚል ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ፍላናጋን እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ጽሑፍ፣ የሰውን ሥራ ለማጥናት ከጥቅል አስተያየት ይልቅ በእውን የተፈጸሙ አጋጣሚዎችን መሰብሰብ እንደሚበጅ አሳይቶ ነበር። ሐሳቡ ቆይቶ ወደ ሠራተኛ ምርጫ ገባ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም አመልካቾቹን የሚጠይቀው በዚህ መንገድ ነው። መልስ ሲሰጡም ሁኔታውን፣ ያደረጉትን ተግባርና ውጤቱን በቅደም ተከተል እንዲናገሩ ይመክራል። አዲስ አበባ ደግሞ የድርጅቱ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። በርካታ የእርዳታ ድርጅቶችም አሉባት። ስለዚህ ይህ አጠያየቅ ለከተማዋ ሥራ ፈላጊ እንግዳ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንይ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የእቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የሆነ ሰው ለሎጂስቲክስ ረዳትነት አመለከተ እንበል። «ማንም ሳያዝህ ችግር የፈታህበትን ጊዜ ንገረን» ተባለ። የመጀመሪያ መልሱ ይኸው፦ «እኛ ጋር ቆጠራ አይገጥምም ነበር። በጣም አስቸጋሪ ነበር። ከዚያ ተነጋግረን አስተካከልነው።»

ውሸት የለበትም። ግን ጠያቂው ማስታወሻው ላይ የሚጽፈው ነገር አላገኘም። ማን ተነጋገረ? ምን ተስተካከለ? ፓነሉ ነጥብ የሚሰጠው ለሰማው ነገር ብቻ ነው።

ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ነገሩን መልሶ ሲያስታውስ መልሱ እንዲህ ሆነ፦ «በወር መጨረሻ ቆጠራ የእቃ መመዝገቢያው ቢን ካርድ 412 ካርቶን ሳሙና ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው 396 ነው። 16 ጎድሏል። የ3 ወር የእቃ ወጪ ሰነድ፣ ሞዴል 22፣ አውጥቼ ከካርዱ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። በአንዱ ሞዴል 16 ካርቶን ወጥቷል፤ ሹፌሩ ቸኩሎ ስለነበር ካርዱ ላይ ሳልመዘግበው ቀርቻለሁ። ለኃላፊዬ ሰነዱን ይዤ ሄጄ ስህተቱ የኔ እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ካርዱ ላይ ሳልመዘግብ የበር መውጫ አልሰጥም። በቀጣዮቹ 3 ወራት ቆጠራው ገጠመ።»

ሁኔታው በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር አለቀ። ትልቁን ቦታ የያዘው ተግባሩ ነው፤ እንዲያ መሆንም አለበት። ውጤቱ አንድ መስመር ቢሆንም ሊጣራ የሚችል ነው። ጥሩ መልስ በአብዛኛው ከሁለት ደቂቃ ብዙ አይዘልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መግቢያው ላይ ነው፦ የመሥሪያ ቤቱን አወቃቀርና የአለቃውን ጠባይ ሲተርክ ጊዜው ያልቅበታል።

ለእኛ ሰው የሚከብደው ግን «እኔ» ማለት ይመስለኛል። ስናድግ «እኔ፣ እኔ» የሚል ሰው ጉረኛ ነው ተብለናል። «ሠራን»፣ «አደረግን» ማለት ጨዋነት ነው። ኢንተርቪው ላይ ግን «አንተ በግልህ ምን አደረግህ?» የሚል ጥያቄ ይመዘዛል። ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ከመጣ «እኛ» እንደበዛ ምልክት ነው። መውጫው የቡድኑን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ወደ ራስ ድርሻ መግባት ነው፦ «ቆጠራውን ሦስት ሆነን አካሄድን፤ ሰነዱን ያመሳከርኩት እኔ ነኝ።» ይህ ጉራ አይደለም፤ የሌላውንም ድካም አይቀማም።

ዝግጅቱ ከሥራ ማስታወቂያው ይጀምራል። የቡድን ሥራ፣ እቅድ አወጣጥ፣ ደንበኛ አያያዝ የሚሉት ቃላት ይሰመርባቸዋል። ለእነዚህ አምስት ወይም ስድስት እውነተኛ አጋጣሚዎች ይበቃሉ፤ አንዱ አጋጣሚ ለሁለት ሦስት ጥያቄ ይሆናልና። ወረቀት ላይ መጻፍ ያለበት ቁልፍ ቃልና ቁጥር ብቻ ነው። ሙሉውን የሸመደደ ሰው ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል ይጠፋበታል። የሰው ታሪክ የተዋሰም እንዲሁ «ያኔ ኃላፊህ ምን አለህ?» ሲባል ይደናገጣል።

አዲስ ተመራቂ የሥራ አጋጣሚ ባይኖረውም ከተግባር ልምምድ፣ ከመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ከሰፈር ማኅበር ሊያመጣ ይችላል። ውጤቱ ያላማረ አጋጣሚም አይጣልም። «ስለተሳሳትክበት ጊዜ ንገረን» ሲባል የሚፈለገው እሱ ነውና። እዚያ ላይ ውጤት የሚባለው ከስህተቱ በኋላ አሠራሩ ላይ የተለወጠው ነገር ነው።