በሁለት እጅህ ያዘው

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ የምነግራችሁን ታሪክ ለትምህርት ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው፤ ሰውየውን ግን በየሰፈራችሁ የምታውቁት ይመስለኛል።

በቱሉ ዲምቱ፣ የኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች አልቀው ማሳ በሚጀምርበት ዳርቻ፣ አነስተኛ የሸቀጥ ሱቅ ያለው አንድ ሰው ነበር። ደንበኛው ዝርዝር የለኝም ቢለው ይቆጣል፤ ሴት ልጁ ደብተሯን ባንኮኒው ላይ ረስታ ብትሄድ ይቆጣል፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ የሚቆጣው ሰው አያጣም። ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው ግን በሱቁ ውስጥ በሚያግዘው ልጅ ላይ ነበር። ሰፈርተኛው «ቁጡ ነው እንጂ ውስጡ ንጹሕ ነው» እያለ አልፎታል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን የጠየቀው አልነበረም።

ሰውየው ንስሐ ይገባል። በነፍስ አባቱ ፊት ቀርቦ «ተቆጥቻለሁ፣ አባ፤ ይፍቱኝ» ይላል፤ ስግደት ይታዘዝለታል፤ ሳያጎድል ይሰግዳል፤ ሳምንት ሳይሞላው ያው ጩኸት ከሱቁ ይሰማል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ከተመላለሰ በኋላ አረጋዊው ካህን ሌላ መንገድ ያዙ። «ዛሬ ‹ተቆጣሁ› ብለህ በአንድ ቃል አትዝጋብኝ። የመጨረሻውን ቁጣህን እንደሆነው አድርገህ ንገረኝ። ምን እየተሠራ ነበር? ማን ምን ይዞ ነበር? ከአፍህ የወጣው ቃል ምን ነበር?» አሉት።

«ሐሙስ ዕለት ዕቃ እያራገፍን ነበር፣ አባ። ልጁ አንዱን ካርቶን ብብቱ ሥር ሸጉጦት መጣ። ‹በሁለት እጅህ ያዘው!› ብዬ ጮኽሁበት፤ ነጥቄው እኔው ራሴ ይዤ ገባሁ። ሰደብሁት። አለቀሰ።»

«ካርቶኑ ውስጥ ምን ነበር?»

«ሳሙና።»

«ሳሙና ይሰበራል እንዴ?»

ሰውየው ሊመልስ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ካህኑ የሚያዩት ግን እጆቹን ነበር። ነገሩን ሲተርክ የተዘረጉት ሁለት መዳፎቹ፣ ቀላልና የሚያሳሳ ነገር እንዳይናወጥበት እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ከደረቱ ትይዩ እንደ ተዘረጉ ቀርተዋል። «ልጄ፣» አሉት ካህኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዲህ አድርገህ የያዝኸው ምንድን ነበር?»

ከአራት ዓመት በፊት፣ ጥቅምት 20 ቀን፣ ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሕፃኑ ግን አላለቀሰም። በነጠላ ጠቅልለው ለአባቱ ሰጡት። እርሱም ሌላ ነገር ስላላገኘ ከሱቁ ባዶ የሳሙና ካርቶን አምጥቶ፣ በዚያ ውስጥ አስተኝቶ፣ ባጃጅ ተሳፈረ። መንገዱ ኮረኮንች ነበርና ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ ለማሳረፍ እንኳ ፈርቶ እስከ መቃብሩ ድረስ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘው። አጥር ጥግ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከሰዓት በኋላ ሱቁን ከፈተ።

ሚስቱን የጠየቋት ሁሉ «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» አሏት፤ እርሱም ለጠየቀው ሁሉ «ዋናው የእናትየዋ መትረፍ ነው» እያለ መለሰ። የተናገሩት ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ስለ ሕፃኑ የተነገረ አንድም ቃል አልነበረም። ለሙት ሐዘን ልማዳችን በሩን ሰፊ አድርጎ ከፍቶታል፦ ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀርባል፣ ከዚያም ሠልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እያለ ኀዘንተኛውን ደረጃ በደረጃ ያወርደዋል። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ግን ድንኳንም ተዝካርም አልነበረም፤ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ተጠምቆ የክርስትና ስሙን የሚያገኝ ስለሆነ ሕፃኑ የሚጠራበት ስም እንኳ አልነበረውም። ካህኑ ከጥቅምት 20 ጀምረው በጣታቸው ቆጠሩ፤ አርባኛው ቀን ኅዳር 29 ላይ ዋለ። ሰውየው ደነገጠ፤ የመጀመሪያውን የሱቅ ልጅ ሰድቦ ያባረረው በዚያው ሰሞን፣ ጾመ ነቢያት ከገባ ሁለት ሳምንት ሲሆነው እንደ ነበር ትዝ አለው።

«እኔ እኮ ዳዊትን አብነት ያደረግሁ መስሎኝ ነበር፣ አባ። ልጁ ሲሞት ተነሥቶ በልቷል» አለ።

ብዙዎቻችን ይህን ክፍል እንደዚህ ሰው እናነበዋለንና ጥቂት እንቆይበት። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ላይ የዳዊት ሕፃን በሰባተኛው ቀን ሞተ። ግዝረት በስምንተኛው ቀን ነበር፤ ከሉቃስ ወንጌልም፣ በመጥምቁ ዮሐንስ ልደት፣ ስም በዚያው ቀን ሲወጣ እናያለን። መጽሐፉ የዚያን ሕፃን ስም አይነግረንም። አዎን፣ ዳዊት ከሞቱ በኋላ ተነሣ፣ ታጠበ፣ በላ። ነገር ግን የተነሣው ከምድር ላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሊያነሡት ቢመጡ እንቢ ብሎ፣ እህል ሳይቀምስ፣ መሬት ላይ ተኝቶ ሲያለቅስ ሰንብቷል። ሞቱንም በሰው ሹክሹክታ አላለፈውም፤ «ሕፃኑ ሞቶአልን?» ብሎ በአፉ ጠየቀ። ከማዕድ በፊት ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ። ከዚያም በቁጥር 24 ላይ ሚስቱን ቤርሳቤህን አጽናናት። የእኛ ሰው ከዚህ ሁሉ የወሰደው መነሣቱንና መብላቱን ብቻ ነው። ሳይወድቅ ተነሣ፤ ሚስቱንም ሳያጽናና ሱቁን ከፈተ።

ቁጣ ሁሉ ኀዘን ነው ማለቴ አይደለም፤ የትዕቢትም የስስትም ቁጣ አለ፤ እንዲህ ያለው ቁጣ የበደለንን ሰው ለይቶ ይከተላል። የዚህ ሰው ቁጣ ግን ሰው አይለይም ነበር፤ ዕቃን፣ ወቅትን፣ የአያያዝ ሁኔታን ይከተላል፤ ምክንያቱን ሲጠይቁት ደግሞ መልሱ «ሳሙና» ብቻ ይሆናል። ስግደቱ ያልፈወሰው ስግደት ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ የተናዘዘው ቁጣውን እንጂ ከቁጣው በታች ያለውን ስላልነበረ ነው። ካህኑ ስድቡን አላቃለሉለትም፤ መጀመሪያ ልጁን ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ቀጥሎም ለሚስቱ ሁሉን እንዲነግራት አዘዙት። በዚያ ቀን ሌላ ስግደት አልጨመሩበትም።

ሰውየው ልጁን ይቅርታ ጠየቀው፤ ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፋ፣ በዚህም አለቀ። ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ካርቶኑን፣ ባጃጁን፣ የአጥሩን ጥግ አንድ በአንድ ነገራት፤ እርሷ ያን ጊዜ አልጋ ላይ ስለነበረች ከዚህ አንዱንም አላየችም፤ አራት ዓመት ሙሉም ለመጠየቅ ፈርታ ኖራለች። ልጁን ሊጠራበት በልቡ ይዞት የነበረውን ስም ነገራት። ስሙን ቀስ ብላ ደገመችው። ቢላዋውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠች።

«ከባድ ነበር?» አለችው።

ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አሳያት።