በማረጋገጫ ጥያቄ ላይ ቴረም ስለመምረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሥዕሉ ላይ ቀጤ ዘዌ ስለሚታይ በፓይታጎረስ ቴረም እጀምራለሁ።»

በለገጣፎ ማታ ማታ የማስጠናቸው የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፦ በጎነ ሦስት ABC፣ AB = AC ሲሆን D የBC መካከለኛ ነጥብ ነው፤ AD ለBC ቀጤ ነክ መሆኑን አረጋግጡ። የፓይታጎረስ ቴረም የሚያገለግለው ቀጤ ዘዌ መኖሩ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ቀጤ ዘዌው ራሱ ስለሆነ፣ በእርሱ የጀመረ ተማሪ እንዲያረጋግጥ የታዘዘውን እንደተሰጠው አድርጎ ወስዷል። የተሰጠው AB = AC እና BD = DC ነው፤ AD ደግሞ የሁለቱም የጋራ ጎን ነው። ሦስት ጥንድ ጎኖች ስለተገኙ በጎን–ጎን–ጎን ABD እና ACD ተገጣጣሚ ይሆናሉ። እንግዲህ በD ያሉት ሁለት ዘዌዎች እኩል ናቸው፤ ድምራቸው 180° ስለሆነ እያንዳንዳቸው 90° ናቸው።

«ሦስት እኩል ነገሮች ካገኘሁ ጎነ ሦስቶቹ ተገጣጣሚ ናቸው።»

ይህ ስሕተት ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል፤ መልሱ ትክክል ሆኖ ስለሚወጣ ተማሪው አይጠራጠርምና። በዚያው ጥያቄ ላይ አንዳንዶች AB = AC፣ ∠B = ∠C እና የጋራውን AD ጽፈው «ተገጣጣሚ ናቸው» ብለው ይደመድማሉ። ዘዌው በሁለቱ ጎኖች መካከል አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ችግሩን ለማየት AB = AC = 10፣ BC = 12 እንበልና D መካከል ላይ ሳይሆን ከB 3 ርቀት ላይ ይሁን። ሦስቱም እኩልነቶች አሁንም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን BD = 3፣ DC = 9 ስለሆነ ጎነ ሦስቶቹ ፈጽሞ አይገጣጠሙም። D የትም ቢቀመጥ የሚሠራ ማስረጃ D መካከለኛ ነጥብ መሆኑን አልተጠቀመበትም ማለት ነው፤ ከተሰጠው ውስጥ ሳይነካ የቀረ ነገር ካለ ቴረሙን ደግሞ መመርመር ይገባል።

በዚህ ዓይነት ጎን–ጎን–ዘዌ የሚያገለግለው ዘዌው 90° ሲሆን፣ ወይም ከዘዌው ፊት ለፊት ያለው ጎን ከሌላው ጎን ሳያንስ ሲቀር ነው።

«ዘዌ ፈልጉ ከተባለ የሳይን ሕግ ይበቃል።»

የሳይን ሕግ አንድ ጎንና ከፊት ለፊቱ ያለው ዘዌ አብረው እንዲታወቁ ይፈልጋል። ጎኖቹ 5፣ 6 እና 10 ብቻ ከሆኑ እንዲህ ያለ ጥንድ ስለሌለ የኮሳይን ሕግ ይመረጣል፤ ለትልቁ ዘዌ

cos θ = (25 + 36 − 100) / 60 = −0.65

ይሰጣል፤ θ ወደ 130.5° ይሆናል። መጀመሪያ ሌላ ዘዌ በኮሳይን ሕግ አግኝቶ ያንኑ ትልቅ ዘዌ በሳይን ሕግ የፈለገ ተማሪ ካልኩሌተሩ 49.5° ያሳየዋል፤ የሁለቱ ዘዌዎች ሳይን አንድ ስለሆነና ካልኩሌተሩ ትንሹን ብቻ ስለሚሰጥ ነው። ትልቁ ዘዌ ከትልቁ ጎን ፊት ለፊት መሆኑንና የሦስቱ ድምር 180° መሙላቱን ማየት ስሕተቱን ያጋልጠዋል።