ስለ ዩዲፒ እና ቲሲፒ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው፦ የዘገየ ፓኬት ከጠፋ ፓኬት ሲብስ

«ዩዲፒ ከቲሲፒ ይፈጥናል።»

ዩዲፒና ቲሲፒ መረጃ በትንንሽ ፓኬቶች በኢንተርኔት ላይ የሚጓዝባቸው ሁለት ፕሮቶኮሎች ናቸው። ሁለቱም የሚያልፉት በአንድ ገመድና በአንድ ራውተር ነው፤ ፓኬት በዩዲፒ ስለተላከ ብቻ ቀድሞ አይደርስም። የዩዲፒ ራስጌ 8 ባይት፣ የቲሲፒ ደግሞ ቢያንስ 20 ባይት መሆኑ እውነት ነው፤ ግን በ12 ባይት ልዩነት ማንም ፍጥነት አይሰማውም። ልዩነቱ ያለው መጠበቁ ላይ ነው። ቲሲፒ ሁለት ቦታ ያስጠብቃል፦ መጀመሪያ ግንኙነቱ እስኪመሠረት፣ ከዚያም የጠፋ ፓኬት ካለ ተመልሶ እስኪመጣ። ፋይል ሲወርድ ወይም ኢሜይል ሲላክ ይህ ጥበቃ ተገቢ ነው፤ አንድ ባይት ጎድሎ የደረሰ ፋይል ላይከፈት ይችላልና። ዩዲፒ የሚያሸንፈው መጠበቁ ጥቅሙ ጠፍቶ ጉዳቱ ብቻ ሲቀር ነው። የመጀመሪያው ጥበቃ የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚፈታውን ዲኤንኤስን ይጎዳል፣ ሁለተኛው ደግሞ የቀጥታ ድምፅና ምስልን።

«የጠፋውን መልሶ የሚልክ ፕሮቶኮል ሁልጊዜ ይሻላል። ድምፁ እየጎደለ የሚደርስ ጥሪ ምን ይረባል?»

አንድ የድምፅ ጥሪ ወስደን በሚሊሰከንድ እንከተለው። በኢንተርኔት ጥሪ ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ተከፍሎ፣ በሰከንድ 50 ፓኬት ሆኖ ይላካል። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። ፓኬቶች በተለያየ ፍጥነት ስለሚደርሱ ተቀባዩ እያንዳንዱን ቁራጭ ወዲያው አያጫውትም፤ 60 ሚሊሰከንድ ያህል በጅተር ባፈር ያቆየዋል። ስለዚህ በዜሮ የተላከ ድምፅ በ110 መሰማት አለበት፣ ቀጣዩ በ130፣ ከዚያ በ150፣ እያለ ይቀጥላል።

አሁን በዜሮ የተላከው ፓኬት መንገድ ላይ ጠፋ። ጥሪው በቲሲፒ ከሆነ ላኪው መጥፋቱን ወዲያው አያውቅም። ከጠፋው በኋላ የተላኩት ሦስት ፓኬቶች ደርሰው፣ ተቀባዩ «እኔ የምጠብቀው አሁንም ያንኑ ነው» የሚል ማረጋገጫ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መመለስ አለበት። ሦስተኛው ፓኬት በ60 ተልኮ በ110 ይደርሳል፣ ማረጋገጫው በ160 ላኪው ዘንድ ይመለሳል፣ በድጋሚ የተላከው ፓኬት ደግሞ በ210 ይደርሳል። መሰማት የነበረበት በ110 ስለሆነ ጊዜው አልፎበታል፤ ከዚህ በኋላ ማንም አይፈልገውም።

ጉዳቱ ግን በዚህ አያበቃም። ቲሲፒ ለአፕሊኬሽኑ መረጃ የሚያቀብለው በቅደም ተከተል ብቻ ነው። ከጠፋው በኋላ የነበሩት ፓኬቶች በ70፣ በ90፣ በ110 በሰላም ደርሰዋል፤ ነገር ግን የፊተኛው እስኪመጣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ታግተው ይቆያሉ። አፕሊኬሽኑ በ130፣ በ150፣ በ170 እና በ190 ማጫወት የነበረበትን ድምፅ ኮምፒውተሩ ይዞታል፣ አፕሊኬሽኑ ግን ሊነካው አይችልም። ሁሉም በ210 ባንድ ላይ ይለቀቃሉ። የጠፋው አንድ ቁራጭ ነበር፤ የተበላሹት አምስት ሆኑ። 20 ሚሊሰከንድ ክፍተት 100 ሚሊሰከንድ ሆነ። በድጋሚ የተላከውም ከጠፋ ወይም ሦስት ማረጋገጫ የሚያስመልስ ተከታይ ፓኬት ከሌለ፣ ላኪው የመጠበቂያ ሰዓት ቆጣሪው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ያ በሊኑክስ ላይ ከ200 ሚሊሰከንድ አያንስም።

በዩዲፒ የጠፋው ጠፍቶ ይቀራል፣ ቀጣዩ ግን በሰዓቱ ይጫወታል። የቀጥታ ድምፅና ምስል በዩዲፒ ላይ የሚላክበት የአርቲፒ ፕሮቶኮል ራስጌ ተራ ቁጥርና የጊዜ ምልክት ስለሚይዝ ተቀባዩ የትኛው ቁራጭ እንደጎደለ ያውቃል፤ ከዚያ በፊት ከነበረው ድምፅ ተነስቶ ክፍተቱን ይሞላዋል። አንዲት 20 ሚሊሰከንድ ቁራጭ በዚህ መልክ ስትተካ አብዛኛው ሰው አያስተውላትም።

ልዩነቱን በጆሮ መለየት ይቻላል። በዩዲፒ በሚሄድ ጥሪ ፓኬት ሲጠፋ ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ብረት ብረት ይላል፣ ንግግሩ ግን ይቀጥላል። ድምፁ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ ቆይቶ ከዚያ የተጠራቀመው ባንድ ጊዜ ተጣድፎ ከመጣ፣ ጥሪው በቲሲፒ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ብዙ የጥሪ አፕሊኬሽኖች ፋየርዎል ዩዲፒን ሲዘጋባቸው ወደ ቲሲፒ ፖርት 443 ይሸሻሉ። በእንዲህ ያለ ኔትወርክ ላይ የኢንተርኔት መስመር ከመጨመር በፊት ዩዲፒን መክፈት ይቀድማል።

«ስትሪሚንግ በሙሉ በዩዲፒ ነው የሚሄደው።»

ይህ በኮርስ ማስታወሻዎች ሳይቀር የሚደጋገም ስህተት ነው። የተቀዳ ፊልም የሚያሳዩ አገልግሎቶች በአብዛኛው ቪዲዮውን በጥቂት ሰከንዶች ፋይሎች ከፋፍለው በኤችቲቲፒ ያቀርባሉ፤ ያ ደግሞ ለረጅም ዘመን በቲሲፒ ነበር፣ ዛሬም በብዛት እንደዚያው ነው። ተመልካቹ ዘንድ ብዙ ሰከንድ የሚበቃ ባፈር ተጠራቅሟል። ከላይ ያየነው ፓኬት 160 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ማንም አያውቅም፣ ምስሉ ግን ሳይጎድል ይደርሳል። እዚህ ዩዲፒን መምረጥ ያለ ምክንያት ጥራትን መጣል ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት መረጃው የሚጠበቅበት ቀጠሮ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ነው። ሰዎች እየተነጋገሩ ከሆነ ቀጠሮው ከሰከንድ ክፍልፋይ አያልፍም፤ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል።

የቀጥታ ምስል ከድምፅ ትንሽ ይከብዳል። አንድ የቪዲዮ ፍሬም ከፊቱ ባለው ላይ ስለሚደገፍ፣ የጠፋ ፓኬት ቀጣዩ ሙሉ ፍሬም እስኪመጣ ድረስ ምስሉን ሊያበላሽ ይችላል። ለዚህም ነው በብራውዘር የቀጥታ ጥሪ የሚያስኬደው ዌብአርቲሲ በዩዲፒ ላይ እየሠራም የጎደለውን ፓኬት በድጋሚ መጠየቅ የሚችለው። ከቲሲፒ የሚለየው ሌሎቹን አግቶ ስለማይቆይና ጊዜ ያለፈበትን መተው ስለሚችል ነው። ውሳኔው የአፕሊኬሽኑ ይሆናል።

ቲሲፒ ጨርሶ የማይገባበት አንድ ቦታም አለ፦ መልቲካስት። አንድ የቴሌቪዥን ቻናል በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ለሺዎች ሲሰራጭ ላኪው አንድ ፓኬት ብቻ ይልካል፤ የሚያባዙት ራውተሮቹና ስዊቾቹ ናቸው። ቲሲፒ ግን ግንኙነቱ በሁለት ወገን መካከል ብቻ ነው።

«ዩዲፒ ስህተት አያጣራም፤ የተበላሸ መረጃም ያቀብላል።»

ዩዲፒ መረጃው መንገድ ላይ መበላሸቱን የሚያሳይ ቼክሰም የተባለ የማጣሪያ ቁጥር አለው። በአይፒቪ4 መተው ቢፈቀድም በአይፒቪ6 በመሠረቱ ግዴታ ነው። ቼክሰሙ ያልገጠመ ፓኬት ይጣላል፤ ዩዲፒ የማያደርገው የተጣለውን መልሶ መጠየቅ ነው።

«ዲኤንኤስ ዩዲፒን የሚጠቀመው መልሱ ቢጠፋም ግድ ስለሌለው ነው።»

ግድማ አለው፤ ስሙ ካልተፈታ ገጹም አይከፈትም። ዲኤንኤስን ለዩዲፒ ምቹ ያደረገው ሙሉ ጥያቄው በአንድ ፓኬት፣ ሙሉ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፓኬት መግባቱ ነው። አንድ ፓኬት ብቻ ካለ የሚደረደር ነገር የለም። ከጠፋም መፍትሔው ጥያቄውን እንዳለ ደግሞ መጠየቅ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢጠየቅ ጉዳት የለውም።

የደርሶ መልስ ጉዞው 80 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። በዩዲፒ መልሱ በ80 ይመጣል። በቲሲፒ ግንኙነቱን መመሥረት ብቻ 80 ይፈጃል፣ ጥያቄና መልሱ ሌላ 80። ስሙን ፈልጎ የሚያመጣው ሰርቨር፣ ማለትም ሪዞልቨሩ፣ ካሹ ባዶ ሆኖ ከሩት ሰርቨር እስከ ዶሜኑ የራሱ ሰርቨር ሲወርድ ሦስት ቦታ ቢጠይቅና ሁሉም በዚሁ ርቀት ቢሆኑ፣ 240 የነበረው 480 ይሆናል። በሰርቨሩ በኩል ደግሞ በሁለት ፓኬት የሚያልቀው ጉዳይ ግንኙነት መክፈቱና መዝጋቱ ሲጨመር ዘጠኝ አካባቢ ይደርሳል፣ ለእያንዳንዱ ጠያቂም ማህደረ ትውስታ መያዝ አለበት።

ራቅ ያለ ሰርቨር ላይ እንዲህ ማወዳደር ይቻላል፦

```
time dig @8.8.8.8 example.com
time dig +tcp @8.8.8.8 example.com
```

ደጋግማችሁ ብታስኬዱት በ`real` መስመር ላይ ያለው ልዩነት ወደ አንድ ደርሶ መልስ ይጠጋል። ሰርቨሩ ቅርብ ከሆነ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግንኙነቱ አንዴ ተከፍቶ ለብዙ ጥያቄ የሚያገለግል ከሆነም የዩዲፒ ብልጫ ይጠፋል።

እዚህ ላይ የዩዲፒን ድክመትም መናገር ይገባል። መቼ ደግሞ እንደሚጠየቅ የሚወስነው ፕሮግራሙ ስለሆነ፣ ክፉ ውሳኔ ክፉ ውጤት ያመጣል። በሊኑክስ ላይ የተለመደው የጂሊብሲ ሪዞልቨር መልስ ካጣ ሳይደግም በፊት 5 ሰከንድ ይጠብቃል። አንድ ፕሮግራም አልፎ አልፎ ልክ አምስት ሰከንድ ደርቆ ከዚያ በደንብ የሚሠራ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጠፋ የዲኤንኤስ ፓኬት ነው። `/etc/resolv.conf` ውስጥ ይህን መስመር መጨመር ጥበቃውን ያሳጥረዋል፦

```
options timeout:1 attempts:3
```

«ዲኤንኤስ በዩዲፒ ስለሚሠራ ቲሲፒ ፖርት 53ን ፋየርዎል ላይ መዝጋት ችግር የለውም።»

ችግር አለው፣ ያውም ለማግኘት የሚያደክም ዓይነት። በ1987ቱ መመሪያ መሠረት የዩዲፒ መልስ ከ512 ባይት አይበልጥም ነበር። በኋላ ኢዲኤንኤስ የተባለው የዲኤንኤስ ማስፋፊያ ገደቡን ቢያሰፋውም ትልልቅ የዩዲፒ ፓኬቶች መንገድ ላይ ሲቆራረጡ ቁርጥራጮቹ ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ ከ2020 ወዲህ የሚመከረው 1232 ባይት ነው፤ አይፒቪ6 ሁሉም መስመር እንዲያሳልፈው ከሚጠይቀው 1280 ላይ 40 የአይፒ ራስጌ እና 8 የዩዲፒ ራስጌ ተቀንሶ የተገኘ ቁጥር ነው። መልሱ ከዚህ ሲበልጥ፣ ለምሳሌ የዲኤንኤስሴክ ፊርማ ወይም ብዙ የቲኤክስቲ መዝገብ ሲኖረው፣ ሰርቨሩ `tc` የሚል ምልክት አድርጎ የተቆረጠ መልስ ይልካል፤ ጠያቂው በቲሲፒ እንዲመለስ ማለት ነው።

ቲሲፒ 53 ሲዘጋ ታዲያ አብዛኛው ስም በደንብ ይፈታል፣ ጥቂቶቹ ብቻ እምቢ ይላሉ። ድረ ገጾች እየተከፈቱ ለአንዳንድ ዶሜኖች ኢሜይል አልሄድ ይላል። `dig` ላይ `Truncated, retrying in TCP mode` የሚል መስመር ታይቶ ከዚያ ጊዜው ካለፈ፣ መንስኤው በአብዛኛው ይኸው ነው።

«ዩዲፒ ከመረጥኩ የጎደለውን ሁሉ ራሴ እጽፈዋለሁ።»

ጥያቄው በአንድ ፓኬት የሚያልቅ ከሆነ፣ ወይም የዘገየ መረጃ የሚጣል ከሆነ፣ የሚጻፈው ትንሽ ነው፦ ተራ ቁጥር፣ የጊዜ ምልክት፣ ምክንያታዊ የመጠበቂያ ጊዜ። ብዙ የሚልክ ፕሮግራም ግን መስመሩ ሲጨናነቅ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት፤ ተራ ዩዲፒ ይህን አያደርግለትም፣ ካልተጠነቀቀም የሌሎችን ግንኙነት ያንቃል። በዚያ ላይ ቅደም ተከተልና ሙሉ መድረስ ካስፈለገ ሥራው ቲሲፒን እንደገና መጻፍ ሆኗል። ያን ጊዜ ቲሲፒን ወይም በዩዲፒ ላይ የተገነባውንና በ2021 ደረጃ የወጣለትን ክዊክን መውሰድ ይሻላል፤ በክዊክ አንዱ ዥረት ላይ የጠፋ ፓኬት ሌሎቹን ዥረቶች አያግትም።