ከዋጋ፣ ከቀጣዩ የትርፍ ድርሻና ከዕድገት ምጣኔ የሚሰላው የአክሲዮን ካፒታል ወጪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጎርደን ሞዴል ተብሎ የሚታወቀው ቀመር የአክሲዮንን ዋጋ ለመገመት ያገለግላል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚከፈለውን የትርፍ ድርሻ ወይም ዲቪደንድ ይወስድና፣ ባለአክሲዮኖች ከሚጠብቁት ተመላሽ ላይ ቋሚው የዕድገት ምጣኔ ተቀንሶ ለሚገኘው ልዩነት ያካፍለዋል። ዋጋው በገበያ የሚታወቅ ሲሆን ግን ቀመሩን ገልብጦ የማይታየውን ተመላሽ፣ ማለትም የአክሲዮን ካፒታል ወጪን፣ ማውጣት ይቻላል።

```
P0 = D1 / (r - g)
r  = D1 / P0 + g
```

P0 የዛሬው ዋጋ፣ D1 ቀጣዩ የትርፍ ድርሻ፣ g ሳይቋረጥ የሚቀጥለው ዕድገት፣ r ደግሞ የሚፈለገው ወጪ ነው። ከዚህ በታች አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘን እንሄዳለን፦ የአክሲዮኑ ዋጋ 60 ነው፤ በቅርቡ 3 የትርፍ ድርሻ ተከፍሎበታል፤ የወደፊቱ ዕድገት 5 በመቶ ነው ተብሎ ተገምቷል። የገንዘቡ ዓይነት በስሌቱ ላይ ለውጥ ስለሌለው አልጠቀስነውም።

«ድርጅቱ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው የትርፍ ድርሻን ብቻ ስለሆነ፣ ወጪው የትርፍ ድርሻው ለዋጋው ሲካፈል የሚገኘው ነው።»

ባለአክሲዮኑ 60 ከፍሎ የሚገዛው የአንድ ዓመት ክፍያን ብቻ ሳይሆን እየጨመረ የሚሄድ የክፍያ ሰንሰለትን ነው። ቀጣዩ የትርፍ ድርሻ 3.15 ስለሆነ ለ60 ሲካፈል 5.25 በመቶ ይሆናል፤ 5 በመቶው ዕድገት ሲደመርበት ወጪው 10.25 በመቶ ይመጣል። ይህ ትክክል መሆኑን አንድ ዓመት ወደ ፊት በመሄድ ማረጋገጥ ይቻላል። በዓመቱ መጨረሻ የሚጠበቀው ተከታይ የትርፍ ድርሻ 3.3075 ነው፤ ይህን ለ5.25 በመቶ ስናካፍለው የአክሲዮኑ ዋጋ 63 ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቱ 3.15 በእጁ ተቀብሎ 63 የሚያወጣ አክሲዮን ይዟል፤ ድምሩ 66.15 ሲሆን ከ60 አንጻር በትክክል የ10.25 በመቶ ጭማሪ ነው። ድርጅቱ ይህን የዋጋ ጭማሪ ከካዝናው ባይከፍልም፣ ባለአክሲዮኑ ይህን ተመላሽ ጠብቆ ስለገዛ ድርጅቱ በያዘው ገንዘብ ከዚያ ያነሰ ቢያተርፍ ዋጋው መውረዱ አይቀርም።

«የትርፍ ድርሻ የተባለው መጨረሻ የተከፈለው ነው፤ ልዩነቱም ከቁጥር አይገባም።»

በምሳሌያችን 3ን ብንጠቀም ውጤቱ 10 በመቶ ይሆናል፤ ስህተቱ ሩብ ነጥብ ያህል ነው፤ ዕድገቱ ከፍ ባለ ቁጥርም ይሰፋል። በተቃራኒው «ቀጣዩ የትርፍ ድርሻ» ተብሎ የተሰጠን ቁጥር በዕድገቱ እንደገና የሚያበዙም አሉ። ሁለቱንም ለመለየት ቁጥሩ የተከፈለ ነው ወይስ የሚጠበቅ የሚለውን ጥያቄ መመለስ ይበቃል። ዋጋውም የሚወሰደው የተከፈለው የትርፍ ድርሻ ከውስጡ ከወጣ በኋላ ነው፤ 3ቱ ገና ሊከፈል ሲል አክሲዮኑ 63 ቢሸጥ፣ ለስሌቱ የሚያስፈልገው 60 ነው።

«ድርጅቱ ባለፉት ዓመታት በ12 በመቶ ካደገ g 12 በመቶ ነው፤ ግምቱ የተጋነነ ከሆነም ቀመሩ ያስታውቃል።»

አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ቀመሩን ለዋጋ ስንጠቀምበት አንድ ጠባቂ አለው፤ ዕድገቱ ከሚፈለገው ተመላሽ ከበለጠ ዋጋው ከዜሮ በታች ይወጣና ስሌቱ ትርጉም እንዳጣ ማንም ያያል። ቀመሩ ሲገለበጥ ይህ ጠባቂ ይጠፋል። የትርፍ ድርሻውና ዋጋው ከዜሮ በላይ እስከሆኑ ድረስ፣ g ማንኛውም ቁጥር ቢሆን r ምንጊዜም ከእርሱ በልጦ ይወጣል። በ12 በመቶ ዕድገት ቀጣዩ የትርፍ ድርሻ 3.36 ይሆናል፤ ለ60 ሲካፈል 5.6 በመቶ፣ ከ12 ጋር ሲደመር 17.6 በመቶ ይሰጣል። ውጤቱ በመልኩ ሥርዓት ያለው ስለሆነ ማንቂያ ደወል አይሰማም፤ ነገር ግን ከኢኮኖሚው ዕድገት በላይ ለዘለዓለም የሚያድግ ድርጅት በጊዜ ብዛት ከኢኮኖሚው ራሱ የሚበልጥ በመሆኑ ግምቱ ሊሆን የማይችል ነው።

ግምቱን ለመፈተን ሌላ መንገድም አለ። አዲስ አክሲዮን ሳይሸጥና የብድር ድርሻውን ሳይለውጥ የሚያድግ ድርጅት ዘላቂ ዕድገቱ በድርጅቱ ከሚቀረው የትርፍ ክፍልና በባለአክሲዮኖች ካፒታል ላይ ከሚገኘው ተመላሽ ብዜት አይበልጥም። ድርጅቱ የትርፉን ግማሽ አስቀርቶ በካፒታሉ 10 በመቶ የሚያተርፍ ከሆነ የሚደግፈው ዕድገት 5 በመቶ ነው፤ በዚያው የክፍያ ልማድ 12 በመቶ ለማደግ 24 በመቶ ማትረፍ ይኖርበታል፤ ያንንም ለሁልጊዜ።

የ12 በመቶው ዕድገት እውነት ሆኖ ጊዜያዊ ከሆነስ? ለሦስት ዓመታት በ12 በመቶ አድጎ ከዚያ በኋላ በ5 በመቶ ይቀጥላል እንበል። የትርፍ ድርሻዎቹ 3.36፣ 3.76 እና 4.21 ይሆናሉ፤ ከአራተኛው ዓመት 4.43 ጀምሮ ያለው በቋሚ ዕድገት ቀመር በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ዋጋ ይሰጠዋል። አሁን r በአንድ መስመር ስለማይወጣ በሙከራ ይፈለጋል፤ 11.5 በመቶ ስንሞክር የሁሉም የዛሬ ዋጋ 58.2 ገደማ ይሆናል፤ 11.3 በመቶ ስንሞክር ደግሞ 60 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ መልሱ 11.3 በመቶ አካባቢ እንጂ 17.6 አይደለም። ልብ ይበሉ፦ ሦስቱ የፈጣን ዕድገት ዓመታት በውጤቱ ላይ ያመጡት ለውጥ፣ ዘላቂውን ዕድገት ከ5 ወደ 6 በመቶ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

«ዋጋው ከገበያ ስለተወሰደ የወጣው r ገበያው የሚጠይቀው ተመላሽ ነው።»

ገበያው የሰጠን ዋጋውን ብቻ ነው፤ g የእኛ ግምት ነው። አንድ እኩልታ ሁለት የማይታወቁ ነገሮችን አይፈታም። የአክሲዮኑ ዋጋ ከ60 ወደ 50 ገደማ ወረደ እንበል። የዕድገት ግምታችንን ሳንነካ ብናሰላ ወጪው ወደ 11.3 በመቶ የወጣ ይመስለናል። ነገር ግን ገዢዎች የሚፈልጉት ተመላሽ ያው 10.25 በመቶ ሆኖ፣ የዕድገት ተስፋቸው ብቻ ከ5 ወደ 4 በመቶ ዝቅ ብሎ ቢሆን፣ ቀጣዩ የትርፍ ድርሻ 3.12 ለ6.25 በመቶ ሲካፈል የሚሰጠው ዋጋ 49.92 ነው። ያው የዋጋ መውደቅ ያለ አንዳች የወጪ ለውጥ ተገለጸ ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደተፈጸመ ቀመሩ ራሱ መለየት አይችልም፤ የሚለየው ከዋጋው ውጭ ባለ መረጃ፣ ለምሳሌ የድርጅቱ የትርፍ ትንበያ መሻሻሉን ወይም መቀነሱን በማየት፣ ወይም በሌላ መንገድ የተገመተ የካፒታል ወጪን ጎን ለጎን በማስቀመጥ ነው። ስለዚህም ውጤቱን እንደ አንድ ቁጥር ከማቅረብ ይልቅ «ዕድገቱ 4 በመቶ ከሆነ 9.2፣ 5 ከሆነ 10.25፣ 6 ከሆነ 11.3 በመቶ» ብሎ ማስቀመጥ ለአንባቢው የተሻለ ይነግረዋል፤ የዕድገቱ እያንዳንዱ ነጥብ ሙሉ በሙሉ፣ እንዲያውም በጥቂቱ በልጦ፣ ወደ ወጪው እንደሚተላለፍ ወዲያው ያያልና።