ከተውኔት ወደ ትረካ፦ ቃለ ምልልስን ስለመለወጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የተናጋሪውን ስም ከፊት አንሥቼ ከኋላ ‹አለ› ብጨምርበት ተውኔቱ ትረካ ይሆናል።»

ተመልካች በመድረክ ላይ በዐይኑ የሚያየውን ነገር ቃለ ምልልሱ እንዲናገርለት አይጠብቅም። ተዋናዩ በር ላይ ቆሞ ማመንታቱ፣ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ፣ ከመመለሱ በፊት ዝም ብሎ መቆየቱ ከቃሉ ውጭ የሚደርሱት ነገሮች ናቸው። በትረካ ውስጥ ግን ይህን የሚሠራ ተዋናይ ስለሌለ፣ ሥራው በሙሉ በተራኪው ላይ ይወድቃል። ለማሳያ ያህል በአንድ ተከራይና በአከራዩ መካከል የሚደረግ አጭር ትዕይንት እነሆ፦

ወይዘሮ ስንዱ፦ (መስኮቱን እየዘጉ) ማን ነው በዚህ ሰዓት?
ታደለ፦ እኔ ነኝ፣ እማማ።
ወይዘሮ ስንዱ፦ ምን ፈለግህ?
ታደለ፦ ቁልፉን ልመልስልዎ ነው የመጣሁት። ነገ ጠዋት ከዚህ እወጣለሁ።
ወይዘሮ ስንዱ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) የሁለት ወር ኪራይስ?
ታደለ፦ እልካለሁ።
ወይዘሮ ስንዱ፦ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውና ሂድ።

ስሙን ወደ ኋላ በማዞር ብቻ የተጻፈ ትረካ «አሉ ወይዘሮ ስንዱ»፣ «አለ ታደለ»፣ እንደገና «አሉ ወይዘሮ ስንዱ» እያለ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። አንባቢው ማን እንደተናገረ ይረዳል፤ ሰዎቹ የት እንደቆሙና በመካከላቸው ምን እንዳለ ግን አይረዳም። በዚያ ላይ፣ በየመስመሩ የተደረደረው ስም በዚህ ትዕይንት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ነው፤ ምክንያቱም ግሡ ራሱ ተናጋሪውን ይለያል። «አለ» ሲባል ታደለ፣ «አሉ» ሲባል ወይዘሮ ስንዱ እንደሆኑ አያጠራጥርም። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት እኩያ ወንዶች ቢሆኑ ኖሮ ግን ግሡ ስለማይለያቸው ስማቸው በየጥቂት ምልልሱ መመለስ ነበረበት፤ አለበለዚያ አንባቢው ወደ ላይ ተመልሶ መቁጠር ይጀምራል።

በቅንፍ የተቀመጠው የመድረክ መመሪያም እንዳለ ከ«አሉ» ጋር አይለጠፍም። «ጥቂት ዝም ብለው አሉ» ከማለት ይልቅ ዝምታው የራሱ ግሥ ያለው ዓረፍተ ነገር ሆኖ ከንግግሩ በፊት ቢቀመጥ፣ አንባቢውም እንደ ተመልካቹ ጥቂት ይጠብቃል።

«‹አለ› ሲደጋገም ስለሚሰለች ‹ገለጸ›፣ ‹አስረዳ›፣ ‹አስታወቀ› እያልኩ መቀያየር አለብኝ።»

አንባቢ «አለ»ን እንደ ሥርዓተ ነጥብ ዐልፎት ስለሚሄድ ድግግሞሹ እምብዛም አይታየውም፤ ተከራይ ለአከራዩ «እልካለሁ» ሲል «ገለጸ» የሚል ግሥ ቢከተለው ግን ትዕይንቱ ወዲያው ዜና ዜና ይሸታል። ልዩነት የሚያመጡት «ጠየቀ»፣ «መለሰ»፣ «ሹክ አለ» የመሳሰሉት፣ ማለትም የድርጊቱን ዓይነት ወይም ድምፁን በእርግጥ የሚለውጡት ናቸው።

«ወደ ተዘዋዋሪ ንግግር ስለውጥ ግሡንም ወደ ኃላፊ ጊዜ ማውረድ አለብኝ።»

ይህ ደንብ የሌሎች ቋንቋዎች ሰዋስው ሲጠና በልማድ ተከትሎ የገባ ይመስለኛል፤ አማርኛ ግን አይፈልገውም። «ነገ ጠዋት ከዚህ እወጣለሁ» የሚለው ወደ ተዘዋዋሪ ሲዞር «በማግስቱ ጠዋት ከዚያ እንደሚወጣ ነገራቸው» ይሆናል። ድርጊቱ በተነገረበት ሰዓት ገና ያልተፈጸመ ስለሆነ ግሡም ያልተፈጸመ ሆኖ ይቀራል፤ «እንደሚወጣ ነበር የነገራቸው» ብሎ «ነበር»ን መሰንቀር ጊዜውን አያስተካክልም፣ የዓረፍተ ነገሩን ትኩረት ብቻ ያዛባል። የሚለወጡት ሌሎች ናቸው፦ «እወጣለሁ» ወደ ሦስተኛ መደብ፣ «ነገ» ወደ «በማግስቱ»፣ «ከዚህ» ወደ «ከዚያ» ወይም ወደ ቦታው ስም ይዞራሉ። «ምን ፈለግህ?» የሚለው ጥያቄ «ምን እንደፈለገ ጠየቁት»፣ ትእዛዙ ደግሞ «አስቀምጦ እንዲሄድ አዘዙት» ይሆናል፤ የጥያቄ ምልክቱም አብሮ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት አንድ ጉድጓድ አለ። «ከቤቱ መውጣቱን ነገራቸው» የሚለው አጭርና ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛው አንባቢ ሰውየው አስቀድሞ እንደወጣ አድርጎ ይወስደዋል። ገና የሚሆነውን ነገር በ«እንደሚ...»፣ የሆነውን በ«መ...ን» ወይም በ«እንደ...» መጻፍ ይህን ብዥታ ያስቀራል።

«ትእምርተ ጥቅሱን ካነሣሁት ቀጥተኛው ንግግር ተዘዋዋሪ ይሆናል።»

«ታደለ ነገ እወጣለሁ አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጥቅስ የለውም፤ ሆኖም መደቡ ገና የታደለ ነው፣ ቀኑም የታደለ «ነገ» ነው። የአማርኛ «አለ» የተናጋሪውን ቃል እንዳለ መሸከም የሚችል ግሥ ስለሆነ፣ በአፍ ስናወራ በዚህ መንገድ እንናገራለን፤ ማንም አይደናገርም። በጽሑፍ ግን፣ በተለይ ተራኪው ራሱ «እኔ» እያለ በሚተርክበት ታሪክ ውስጥ፣ ችግሩ ብቅ ይላል። «ታደለ እኔን አያምኑኝም አለ» ብንጽፍ፣ የማይታመነው ታደለ ይሁን ተራኪው መለየት አይቻልም። ጥቅስ ብናደርግለት የታደለ ቃል መሆኑ ይታወቃል፤ «እሱን እንደማያምኑት ተናገረ» ብንለውም ይጠራል። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ የማያስኬደው በመካከላቸው ተንጠልጥሎ መቅረት ነው። አንድ የተለየ ሁኔታ ግን አለ፦ «አልከፍልም አለ» እምቢታን የሚገልጽ የተለመደ አነጋገር ስለሆነ ያለ ጥቅስም ቢጻፍ ስሕተት አይደለም።

«ጥሩ ትረካ ማለት ወይ ሁሉንም በጥቅስ መጠበቅ፣ ወይ ሁሉንም በተዘዋዋሪ ማጠቃለል ነው።»

እኔ የምከተለው መለያ ይህ ነው፦ መረጃ ብቻ የሚያቀብለው መስመር በተዘዋዋሪ ይጠቃለል፤ የተባለበት አኳኋን ከመረጃው የሚበልጠው መስመር በጥቅስ ይቆይ። በዚህ መሠረት ትዕይንቱ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ወይዘሮ ስንዱ መስኮቱን እየዘጉ ሳለ በሩ ተንኳኳ።
«ማን ነው በዚህ ሰዓት?»
«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ ታደለ ከውጭ።
በሩን ገርበብ አድርገው ምን እንደፈለገ ጠየቁት። ቁልፉን ሊመልስላቸው እንደመጣና በማግስቱ ጠዋት ከቤቱ እንደሚወጣ ነገራቸው። የዘረጋውን ቁልፍ ሳይቀበሉ ጥቂት ዝም አሉ።
«የሁለት ወር ኪራይስ?»
«እልካለሁ።»
«ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውና ሂድ» አሉት።

ቁልፉና የመውጫው ቀን መረጃ ስለሆኑ ተጠቃለሉ። «እልካለሁ» ግን በጥቅስ ቀርቷል፤ «ገንዘቡን እንደሚልክ ነገራቸው» ቢባል እውነተኛ ቃል ኪዳን ይመስላል፣ በአንዲት ቃል ሲቆም ግን ማምለጫነቱ ይሰማል። «እማማ»ም በጥቅሱ ውስጥ የቆየው በምክንያት ነው፤ በተዘዋዋሪ ንግግር የጥሪ ቃል ይወድቃል። «ሊመልስላቸው» የሚለው አክብሮትም የተራኪው ይሁን የታደለ አይታወቅም፤ ስለዚህ ልጁ ሴትዮዋን በአክብሮት እንደሚያናግራቸው የሚያሳይ ቢያንስ አንድ የገዛ ቃሉ መቆየት ነበረበት። የመጨረሻው ትእዛዝም «እንዲሄድ አዘዙት» ተብሎ ሊጠቃለል ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ከእማማ ወደ «ሂድ» ያለው ርቀት ይጠፋል።